ልትታጠፉ ስትሉ በጎናችሁ የሚያልፈው፦ የአውቶቡስ ረድፍ፣ የትራም ሐዲድና አቋርጦ መታጠፍ

መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ስለ መታጠፍ የምንማረው አጭር ነው። ወደ ቀኝ ከሆነ ቀኙን ረድፍ ያዝ፣ ወደ ግራ ከሆነ ግራውን። ፍሬቻ አብራ፣ ከፊት የሚመጣውን አሳልፍ፣ እግረኛውን አሳልፍ፣ ከዚያ ታጠፍ። ይህ ትምህርት አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል። የያዛችሁት ረድፍ የመጨረሻው ነው፣ በምትታጠፉበት በኩል እናንተ በምትሄዱበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሌላ ተሽከርካሪ የለም ብሎ ነው የሚነሳው።

የአውቶቡስ ረድፍ ወይም የትራም ሐዲድ ያለበት መንገድ ላይ ግን አለ። ለአውቶቡስ የተለየው ረድፍ ብዙ ጊዜ በቀኝ ጠርዝ በኩል ነው፣ የትራሙ ሐዲድ ደግሞ ብዙ ጊዜ መንገዱ መሃል ነው። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ በቀኛችሁ አውቶቡስ ወይም ብስክሌት ቀጥ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ወደ ግራ ስትታጠፉ በግራችሁ ትራም ከኋላ ሊመጣ ይችላል። አደጋው የሚመጣው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው፣ የለመድነው ደግሞ ፊት ፊታችንን ማየት ነው።

ስለነዚህ ረድፎች ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «መግባት ይቻላል ወይስ አይቻልም?» የሚለው ነው። እሱንም እናየዋለን። እኔ ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አቋርጦ መታጠፉ ነው፣ ምክንያቱም በረድፉ ላይ አለቦታው መንዳት ብዙ ጊዜ የሚያስከትለው ቅጣት ሲሆን አለአግባብ ማቋረጥ ግን ሰው ይገድላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በቀኝ በኩል ለሚነዳበት አገር ነው። በግራ በሚነዳበት አገር ከሆናችሁ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጋችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ፣ ማን ይገባል?

መልሱን የሚሰጠው ምልክቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ መደብ ላይ የአውቶቡስ ስዕል ያለበት ሰሌዳ ይቆማል፣ አስፋልቱ ላይም ይጻፋል። ከአውቶቡሱ ሌላ ማን እንደተፈቀደለት በዚያው ሰሌዳ ላይ ወይም ከሥሩ ባለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይታያል፤ ብስክሌት ተስሎ ከሆነ ብስክሌት፣ ታክሲ ተብሎ ከተጻፈ ታክሲ። የአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪዎች፣ ማለትም አምቡላንስና እሳት አደጋ፣ ለሥራ ሲጣደፉ በአብዛኛው አገር ይገባሉ። ሞተር ሳይክል ላይ አገሮች ይለያያሉ። ለንደን ውስጥ በዋና ዋና መንገዶች ባሉት አብዛኞቹ የአውቶቡስ ረድፎች ሞተር ሳይክል ይፈቀድለታል፣ ሌላ ከተማ ሄዳችሁ ግን ያንኑ ብታደርጉ ልትቀጡ ትችላላችሁ። ስለዚህ «ሞተር ይገባል» ብሎ በልምድ መሄድ አይቻልም። ሰሌዳውን ማንበብ ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሰዓቱ ነው። አንዳንዱ ረድፍ ጠዋትና ማታ፣ ሰው ወደ ሥራ በሚሄድበትና በሚመለስበት ሰዓት ብቻ ነው የሚጠበቀው፣ በቀረው ሰዓት ማንም ይነዳበታል። ሰሌዳው ላይ ሰዓት ካልተጻፈ ሁልጊዜ ነው ብላችሁ ያዙት። ሁለተኛው «አውቶቡስ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። የሠራተኛ ሰርቪስ፣ የአስጎብኚ መኪና፣ የትምህርት ቤት ሚኒባስ አውቶቡስ ነው? በብሪታንያ ለምሳሌ ከሹፌሩ ሌላ ከ8 ሰው በላይ እንዲይዝ የተሠራ ተሽከርካሪ በተራው የአውቶቡስ ረድፍ ይገባል። ሰሌዳው ላይ «የአካባቢ» የሚል ቃል ከተጨመረ ግን መደበኛ የከተማ መስመር ላይ የሚሠራ አውቶቡስ ብቻ ነው የሚፈቀደው። አንድ ቃል ነው፣ ግን ሙሉውን ትርጉም ይቀይረዋል።

ባዶ ሆኖ የሚታየው ረድፍ ብዙ ሹፌር ያናድዳል፣ ስሜቱ ይገባኛል። ግን እስቲ በቁጥር እንየው። በየደቂቃው አንድ 60 ሰው የያዘ አውቶቡስ ቢያልፍበት በሰዓት 3600 ሰው አለፈ ማለት ነው። የትራፊክ መብራት ያለበት አንድ ተራ ረድፍ በሰዓት ከ800 ወይም ከ900 መኪና ብዙም አያሳልፍም፣ በየመኪናው ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው ያለው። በሁለት አውቶቡስ መሃል ያለው የአንድ ደቂቃ ክፍተት ነው ዓይናችን ላይ ባዶ መስሎ የሚታየን። እዚያ ክፍተት ውስጥ አንድ መኪና «ለአፍታ» ብሎ ቢቆም፣ አውቶቡሱ ተጨናንቆ ወደቆመው ረድፍ ለመግባት ይለምናል፣ ሲገባም እሱን ራሱ ይዘጋዋል። ከኋላው የሚመጣው ቀጣዩ አውቶቡስም እንዲሁ። በአንድ መኪና ሁለት ረድፍ ተበላሸ ማለት ነው።

ወደ ቀኝ መታጠፍ፦ የአውቶቡሱን ረድፍ መጀመሪያ ግቡበት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ ያለው መንገድ አስቡ። ቀኙ የአውቶቡስ ነው፣ እናንተ በግራው ናችሁ። ከፊታችሁ መስቀለኛ መንገድ አለ፣ ወደ ቀኝ መታጠፍ ትፈልጋላችሁ።

ጥንቁቅ የሆነ ሹፌር፣ ሕግ አክባሪ የሆነው ራሱ፣ እዚህ ጋ የሚሠራው ስህተት አለ። «ረድፉ የአውቶቡስ ነው፣ አልገባም» ብሎ እስከ መስቀለኛው ድረስ በግራው ረድፍ ይሄዳል፣ ከዚያ እዚያ ሲደርስ የአውቶቡሱን ረድፍ በአግድም ቆርጦ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሕግ ያከበረ ይመስለዋል። ግን በዚያች ቅጽበት በቀኙ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አውቶቡስ ወይም ብስክሌተኛ ካለ፣ ፊት ለፊቱ ነው የተጋረጠበት። ብስክሌተኛ ከሆነ መኪናው ጎን ላይ ይላተማል ወይም ከጎማ ሥር ይገባል።

ትክክለኛው መንገድ ተቃራኒው ነው። ከመታጠፋችሁ በፊት ወደ አውቶቡሱ ረድፍ ትገባላችሁ፣ እዚያው ሆናችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ከጠርዙ አጠገብ ትታጠፋላችሁ። ያኔ በእናንተና በጠርዙ መሃል አውቶቡስ ሊገባ አይችልም፣ ከኋላችሁ ነው የሚሆነው። ለዚህም ነው የመንገዱ ባለሙያዎች ከመስቀለኛው ትንሽ ቀደም ብለው ያልተቆራረጠውን መስመር ወደ ተቆራረጠ የሚቀይሩት። ያ ቁርጥራጭ መስመር በር ነው። «ለመታጠፍ ከፈለግክ እዚህ ጋ ግባ» ነው የሚላችሁ። አንዳንድ ቦታ መስመሩ ጭራሽ ይቋረጥና ረድፉ ወደ ቀኝ ለሚታጠፉ ሁሉ ይከፈታል፣ አስፋልቱ ላይ የቀኝ ቀስት ይሳላል።

ሲገባ ግን ቅደም ተከተሉ ይቆጠራል። ቁርጥራጩ መስመር ሲጀምር ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ገና ያልተቆራረጠው ላይ እያላችሁ ፍሬቻ ታበራላችሁ። የቀኙን ስፖኪዮ ታያላችሁ። ከዚያ አንገታችሁን ዞር አድርጋችሁ በቀኝ ትከሻችሁ በኩል ታያላችሁ፣ ምክንያቱም ብስክሌተኛ በስፖኪዮው የማይታይበት ቦታ ላይ በቀላሉ ይደበቃል። አውቶቡስ ከኋላ እየመጣ ከሆነ እሱ በራሱ ረድፍ ነው ያለው፣ ቅድሚያው የእሱ ነው፤ አሳልፉትና ከኋላው ግቡ። ፊቱ ተሸቀዳድሞ ገብቶ ወዲያው ፍሬን መያዝ መጥፎ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ የቆመ ሰው አለ፣ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የሚወድቁት እነሱ ናቸው።

ስንት ሜትር ቀድሞ መግባት ይቻላል? መስመሩ ከነገራችሁ መስመሩን ተከተሉ። አንዳንድ ሕጎች ቁጥር ያስቀምጣሉ። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ለመታጠፍ ወይም ወደ ግቢ ለመግባት ሲሆን በአውቶቡስ ረድፍ እስከ 100 ሜትር መሄድ ይቻላል። ግን እዚያው ግዛት ውስጥ «አውቶቡስ ብቻ» የሚል ሌላ ዓይነት ረድፍ አለ፣ እዚያ ይህ ፈቃድ የለም፣ ታክሲም እንኳ አይገባም። ቀለም የተቀባ የአውቶቡስ ረድፍ ስታዩ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም አንብቡ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ይህ ምክር የማይሠራበት ቦታ አለ፣ እሱን ካልነገርኳችሁ አሳስቻችኋለሁ። አንዳንድ መስቀለኛ ላይ የአውቶቡሱ ረድፍ ሳይቋረጥ እስከ መቆሚያው መስመር ድረስ ይሄዳል፣ አውቶቡሱም የራሱ መብራት አለው። እዚህ ጋ መግባት የለም። የምትታጠፉት ከራሳችሁ ረድፍ ነው፣ ግን የምትታጠፉት የቀኝ ቀስቱ አረንጓዴ ሲበራ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አውቶቡሱና ብስክሌቱ በቀይ ቆመዋል። ቀጥታ የሚሄደው መብራት አረንጓዴ ሆኖ ቀስቱ ቀይ ከሆነ ትቆማላችሁ፣ ከኋላችሁ ያለው ክላክስ ቢያደርግም ትቆማላችሁ። በምን ትለዩታላችሁ? በሁለት ነገር፤ መስመሩ እስከ መጨረሻው ያልተቆራረጠ ነው፣ ከመብራቶቹ መሃልም ከሌሎቹ የተለየ አንድ አለ።

ወደ ግራ መታጠፍ፦ ሐዲዱ ላይ ግን አትግቡ

ከአውቶቡሱ የተማርነውን ወደ ትራም ይዘን ብንሄድ እንሳሳታለን። አውቶቡስ መሪ አለው፣ ጎማ አለው፣ ከኋላችሁ ሆኖ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ካስፈለገም ዞር ይላል። ትራም ዞር አይልም። መቆሙም ሌላ ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት 14 ሜትር አለቀ። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን ያለው የቤት መኪና በሌላ 14 ሜትር ገደማ ይቆማል፣ በድምሩ ከ30 ሜትር በታች። ትራም ግን የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ነው። የብረትና የብረት መያያዝ ከላስቲክና ከአስፋልት በጣም ያነሰ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ወይም እርጥብ ቅጠል ሲያርፍበት ደግሞ ይብሳል። በተለመደው ፍሬኑ ከሆነ ትራሙ ከዚያ ፍጥነት ለመቆም 80 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፣ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጋር ከ90 በላይ። የአደጋ ጊዜ ፍሬን አለው፣ ሐዲዱን በማግኔት የሚይዝ፣ ከጎማው ፊት አሸዋም ይረጫል። በዚያ ሁሉ ታግዞ ወደ 50 ሜትር ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ግን ውስጡ የቆመ ሰው ሁሉ ወደፊት ይወረወራል። ስለዚህ የትራም ሹፌር ይህን ፍሬን የሚይዘው ሌላ ምርጫ ሲያጣ ነው፣ ያ ምርጫ ያጣበት ምክንያት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፊቱ የታጠፈ መኪና ነው።

አሁን አንዱን ጉዳይ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው እንከተል። መንገዱ መሃል ሁለት ሐዲድ አለ፣ አንዱ ለመሄጃ አንዱ ለመመለሻ። እናንተ ከሐዲዱ ጎን ባለው ግራ ረድፍ ናችሁ። ወደ ግራ ታጥፋችሁ ወደ ጎን መንገድ መግባት ትፈልጋላችሁ። ከፊት የሚመጡት መኪናዎች አልፈዋል፣ መንገዱ ክፍት ነው። በተለመደው ዓይን ሁሉም ነገር ደህና ነው።

ሁለቱ ሐዲዶች አንድ ላይ 7 ሜትር ያህል ይሰፋሉ። መኪናችሁ ራሷ ከአራት ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሙሉ በሙሉ ለመሻገር 11 ሜትር ተኩል ገደማ መሄድ አለባችሁ። ስትታጠፉ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ይህ ሦስት ሰከንድ ይወስዳል፣ ከቆማችሁበት ከሆነ የምትነሱት አራት ወይም አምስት። በአራት ሰከንድ ትራሙ 56 ሜትር ይጓዛል። ማለትም መሪውን ስታጠፉ 50 ሜትር ኋላ የነበረ ትራም፣ እናንተ ሳትጨርሱ ይደርሳል። በስፖኪዮ 50 ሜትር ኋላ ያለ ትራም ሩቅ ነው የሚመስለው፣ ትንሽ ነገር ሆኖ ነው የሚታየው። በዚያ ላይ መኪናዋ ዞር ማለት ስትጀምር ስፖኪዮውም አብሮ ይዞራል፣ ሐዲዱን ሳይሆን ሌላ ቦታ ማሳየት ይጀምራል። ስለዚህ ማየት ያለባችሁ መሪውን ከማጠፋችሁ በፊት ነው፣ በግራ ስፖኪዮ፣ ከዚያ አንገታችሁን አዙራችሁ።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረበ ፍርሃት አይደለም። በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ ትራሙ ሥራ የጀመረው ጥር 1 ቀን 2004 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ሐዲዱ የተዘረጋው መኪና በሚበዛበት መንገድ መሃል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ60 በላይ ግጭት ደረሰ። ጎልቶ የወጣው ምክንያት መታጠፍ በማይፈቀድበት ጊዜ ከትራሙ ፊት የሚታጠፉ መኪናዎች ነበሩ። ሰዎቹ መንዳት የማይችሉ አልነበሩም። ለዓመታት በለመዱት መንገድ ላይ ከኋላ የሚመጣ ነገር ስለተጨመረ ነው።

ስለዚህ ሐዲድ ላይ ሕጉ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ገብቶ መያዝ የለም። ከሐዲዱ ውጭ፣ በራሳችሁ ረድፍ ትጠብቃላችሁ። የግራ ቀስት መብራት ካለ እሱን ብቻ ትከተላላችሁ። ቀስት ከሌለ ከፊትም ከኋላም ትራም እንደሌለ አይታችሁ፣ ከወዲያኛው በኩልም መውጫ ቦታ እንዳለ አረጋግጣችሁ፣ በቀጥታ፣ በተቻለ መጠን ሐዲዱን በአግድም ቆርጣችሁ ትሻገራላችሁ። «ወደ ግራ መታጠፍ ክልክል» የሚል ምልክት ካለ ደግሞ አልፋችሁ ሂዱና ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ተመለሱ። በመንገድ ትራፊክ ላይ በ1968 እንደ ፈረንጆቹ ቪየና የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በሐዲድ ላይ የማይሄድ ተሽከርካሪ በሐዲድ ላይ ለሚሄደው ቅድሚያ ይስጥ ይላል። ማቆም የማይችለውን ማቆም የሚችለው ይጠብቀው ነው ነገሩ።

የሜልቦርን ከተማ ለዚሁ ችግር የሠራችውን መፍትሔ በጣም እወደዋለሁ። እዚያ በግራ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ ሐዲዱን የሚያቋርጠው ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ነው። በመሃል ከተማ በብዙ መስቀለኛ ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ የፈለገ ሰው ከሐዲዱ አጠገብ አይጠብቅም። ጭራሽ ከግራው ረድፍ ይነሳል፣ መስቀለኛው ውስጥ ገብቶ በግራ ጠርዝ በኩል ይቆማል፣ ሊገባበት ያሰበው መንገድ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ይታጠፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው ግራ ይጋባል። ግን የሚታጠፉት መኪናዎች ሐዲድ ላይ ተሰልፈው ትራሙን አይዘጉም፣ ሲታጠፉም ትራሙ በቀይ ቆሟል።

እዚያው ሜልቦርን መስመሩም ይናገራል። ከሐዲዱ ጎን ያለው ቢጫ መስመር ያልተቆራረጠ ከሆነ ወደ ሐዲዱ አይገባም። የተቆራረጠ ከሆነ መኪና በሐዲዱ ላይ መንዳት ይችላል፣ ግን ትራም ማዘግየት አይችልም፤ ከኋላ ሲመጣ ይወጣለታል። በሌላ አገር ሐዲዱ በድንጋይ ጠርዝ፣ በሣር ወይም በጠጠር ተለይቶ ከሆነ ጥያቄም የለውም፣ ለማንም አይደለም።

የእናንተ ያልሆነው መብራት

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትራምና አንዳንድ አውቶቡስ የራሳቸው መብራት አላቸው፣ በብዙ አገር ቀይና አረንጓዴ ሳይሆን ነጭ ነው። በጀርመን ለምሳሌ አግድም ነጭ መስመር ቁም ነው፣ ቀጥ ያለው ነጭ መስመር ሂድ ነው፣ ነጭ ነጥብ ደግሞ ለመቆም ተዘጋጅ ማለት ነው። ይህ መብራት ለእናንተ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ትራሙ ቀድሞ ሲነሳ ነው። ከጎናችሁ አንድ ትልቅ ነገር ሲንቀሳቀስ ዓይን ያያል፣ እግር ከፍሬኑ ይነሳል፣ «መብራት ተለቀቀ» ብለን አብረን እንነሳለን። ግን ትራሙ ቀድሞ የተለቀቀው እናንተ ስለቆማችሁ ነው። ጎረቤታችሁን አይታችሁ አትነሱ፣ የራሳችሁን መብራት አይታችሁ ነው።

ሐዲድ ላይ መቆም

አረንጓዴ መብራት መግባት ይቻላል ማለት ነው እንጂ ግባ ማለት አይደለም። ያው የቪየና ስምምነት መብራቱ ቢፈቅድ እንኳ መውጫ ከሌለና መስቀለኛው ውስጥ ቆሞ ሌላውን የሚዘጋ ከሆነ እንዳይገባ ይከለክላል። በሐዲድ ላይ ይህ ድርብ ነው። ከወዲያኛው በኩል ከፊታችሁ ያለው መኪና ለእናንተ ቦታ እስኪለቅ ድረስ ሐዲዱን አትርገጡት።

ቦታውን ስትገምቱም ሐዲዱን ብቻ አትዩ። በብዙ ከተማ በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለው ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ ማለትም ከአንድ ሜትር ተኩል ትንሽ ያነሰ። የትራሙ አካል ግን ብዙውን ጊዜ ከ2.40 እስከ 2.65 ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን ከብረቱ ውጭ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወጣል፣ ጥምዝ ላይ ሲዞር ደግሞ ፊቱና ጭራው ከዚህም ይበልጥ ወደ ውጭ ይወረወራሉ። መኪናችሁ ጭራዋ ከብረቱ 40 ሴንቲ ሜትር ርቃ ብትቆም «ወጥቻለሁ» ልትሉ ትችላላችሁ፣ ግን ትራሙ ይነካታል። ለመኪናም፣ መንገድ ዳር ለሚያቆምም፣ ዳር ላይ ስልክ እያየ ለሚቆም እግረኛም ይኸው ነው። ከብረቱ ሳይሆን ከብረቱ አንድ ሜትር ከምናምን ራቁ።

እግረኛ ከሆናችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። አንድ ትራም ካለፈ በኋላ ወዲያው አትሻገሩ፣ ያለፈው ትራም ከወዲያ በኩል የሚመጣውን ሁለተኛ ይሸፍናል። ከመኪናው ተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄድ የአውቶቡስ ረድፍ ያለበት መንገድ ላይ ደግሞ በለመዳችሁት በኩል ብቻ አይታችሁ አትግቡ። «ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ነው» ብሎ የገባ ሰው ከሌላው በኩል አውቶቡስ ይመጣበታል። በሁለቱም በኩል ማየት ነው፣ ሁልጊዜ።

ሹፌሮች ደግሞ፣ ትራም መንገድ መሃል ቆሞ በሩን ከፍቶ ሰው ወደ አስፋልቱ እያወረደ ከሆነ በአጠገቡ አትለፉ። በብዙ አገር ሕጉ መቆም ያስገድዳል፣ ባያስገድድም ከበሩ የሚወርደው ሰው ወደ ትራሙ እንጂ ወደ እናንተ እያየ አይደለም።

ብስክሌተኛን ሐዲድ የሚጎዳው በራሱ መንገድ ነው። ከብረቱ ጎን የትራሙ ጎማ ጠርዝ የሚገባባት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል የምትሰፋ ቦይ አለች። የብስክሌት ጎማ ልክ እዚያ ይገባል። ከገባ መሪው አይታዘዝም፣ ሰውየው ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ ሐዲድን በሰያፍ ሳይሆን ወደ ቀጥታ መስቀል በቀረበ ማዕዘን ተሻገሩ። መንገዱ በሰያፍ የሚያቋርጥ ከሆነ ቀድማችሁ ወደ ጎን ሰፋ ብላችሁ መሪውን አስተካክሉ፣ ግን ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይታችሁ። እርጥብ ብረት ላይ ፍሬን አትያዙ፣ አትዘንበሉ፤ ሞተር ሳይክልም እንዲሁ። ሹፌር ደግሞ ከፊቱ ያለ ብስክሌተኛ ሐዲድ ጋ ሲደርስ ድንገት ወደ ጎን ሲወጣ ካየ፣ ምክንያቱ ይህ ነውና ራቅ ብሎ ይከተለው።

በመጨረሻ፣ መኪናችሁ ሐዲድ ላይ ጠፍታ እምቢ ብትል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩ፣ ካልሆነ ሰው ሁሉ ይውረድ። ልጅ ካለ መጀመሪያ ልጁ። ከሐዲዱ ራቅ በሉ። ከዚያ አንድ ሰው በሐዲዱ ጎን፣ ሐዲዱ ላይ ሳይሆን፣ ትራሙ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይሂድ። ቢያንስ 100 ሜትር፣ ከተቻለም የበለጠ፤ ቅድም እንዳየነው ትራሙ በተለመደው ፍሬኑ ለመቆም ከ90 ሜትር በላይ ይፈልጋል። እዚያ ሆኖ ሁለት እጁን ያወዛውዝ፣ ማታ ከሆነ የስልክ መብራት ያብራ። መኪናዋ አጠገብ ሆኖ ማወዛወዝ ሹፌሩ የሚያየው መቆም ከማይችልበት ቦታ ነው።